ስለ ጥያቄ ምልክትና ስለ ነጠላ ሠረዝ

በቀድሞ ዘመን በብራና ላይ የሚጽፉ ጸሐፊዎች ቃልን ከቃል በሁለት ነጥብ (፡) እየለዩ፣ ነገሩ ሲፈጸም በአራት ነጥብ (።) ይዘጉት ነበር። ለጥያቄ ግን የተለየ ምልክት ባያኖሩ ብዙ አልተቸገሩም፤ ግዕዝ ጥያቄውን በቃሉ መጨረሻ ይሸከመዋልና። «መጽአ» ማለት መጣ ማለት ነው፤ «መጽአኑ» ወይም «መጽአሁ» ሲባል ግን መጠየቁ በ«ኑ» ወይም በ«ሁ» ይታወቃል።

አማርኛ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው በድምፅ ብቻ ነው፤ ድምፅም በወረቀት ላይ አይታይም። ለምሳሌ በዱርቤቴ አጠገብ ባለ መንደር የሚኖር አባት፣ ገዢ ሊፈልግ ወደ ከተማ ለሄደ ልጁ «ለላሚቱ ገዢ ተገኘ» ብሎ ቢጽፍ፣ ልጁ በመንደር ገዢ የተገኘ መስሎት ያገኘውን ሰው ያሰናብታል። አባት የፈለገው ግን መጠየቅ ነበር። «ለላሚቱ ገዢ ተገኘ?» ቢል ኖሮ ልጁ አይስትም። «ማን»፣ «መቼ»፣ «ስንት»፣ «ወይ» የሚሉት ቃላት ባሉበት ምልክቱ ቢቀርም ነገሩ ይገባል፤ ስለዚህ መምህር ትምህርቱን የጥያቄ ቃል ከሌለው ዐረፍተ ነገር ቢጀምር ይሻላል።

ሦስት ነጥብ (፧) የሚባል የጥያቄ ምልክት በግዕዝ ፊደል በኩል አለ፤ በ1999 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለኮምፒውተር በወጣው የፊደላት መዝገብ (ዩኒኮድ) ውስጥም ተመዝግቧል። ነገር ግን የሚያውቀው አንባቢ ጥቂት ነው፤ የማይታወቅ ምልክት ደግሞ ጥያቄውን አይገልጥም። ስለዚህ በዚህ ስፍራ የውጭውን (?) መያዝ ይገባል። እርሱ ራሱ ዐረፍተ ነገሩን ስለሚዘጋ ከኋላው አራት ነጥብ አይጨመርበትም። «አባት ገዢ ተገኝቶ እንደ ሆነ ጠየቀ» የሚለው ግን ስለ ጥያቄ የሚነገር ወሬ ነውና በአራት ነጥብ ይፈጸማል።

የውጭው ኮማ (,) ግን እንዲህ ያለ ምክንያት የለውም፤ ነጠላ ሠረዝ (፣) ሥራውን ሁሉ ይሠራል። ኮማው በቁጥር ውስጥ ሺሕን ለመለየት ስለሚያገለግል፣ በሁለቱም ስፍራ ቢገባ ያሳስታል። የትምህርት ቤቱ ገንዘብ ያዥ «ደረሰኝ ቁጥር 4,215 ጠፋ» ብሎ ቢጽፍ፣ መርማሪው አንድ ደረሰኝ ይፈልግ ወይስ ሁለት? «ቁጥር 4፣ 215» ቢባል ሁለት መሆናቸው ይታወቃል። አንድ ደረሰኝ ቢሆን ደግሞ «ቁጥር 4215» ብሎ ያለ ኮማ መጻፍ ነው፤ ሺሕ የሚለየው ለብርና ለብዛት እንጂ ለመለያ ቁጥር አይደለም።

ተማሪዎች ሲቸኩሉ በነጥቦቹ ላይ የሚሰመረውን ሠረዝ ይተዉና ነጠላ ሠረዙን ሁለት ነጥብ ያደርጉታል። ዛሬ ቃላት በባዶ ቦታ ስለሚለዩ፣ እንዲህ ያለው ሁለት ነጥብ አንባቢው ይረፍ ወይም ይለፍ አያስታውቅም። መምህሩ ደብተር ሲያርም ዝርዝር ያለበትን መስመር ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብበው፤ ባረፈበት ስፍራ ሠረዙ ከሌለ በቀይ ቀለም ያስምርበት።