ትራክ ወይስ ነርስነት?

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ ያሉ ኢትዮጵያውያን ቡና ላይ ሲገናኙ አንድ ጥያቄ አይጠፋም፤ ሲዲኤል አውጥቶ ትራክ መንዳት ይሻላል ወይስ ነርስነት መማር? መልሱ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሰሞኑን ቤት የገዛ ዘመድ ታይቶ ነው። እርሳስና ወረቀት ይዞ የሚቀመጥ ጥቂት ነው።

የአሜሪካ የሥራ ስታትስቲክስ ቢሮ ለ2024 ባወጣው መረጃ መሠረት ከከባድ ትራክ ሾፌሮች ግማሾቹ በዓመት ከ57,440 ዶላር በላይ አግኝተዋል። ለአርኤን ነርሶች ይኸው መካከለኛ ደመወዝ 93,600 ነው። ልዩነቱ በዓመት 36,000 ዶላር ገደማ ይሆናል። ይሁንና ሲዲኤል በሁለት ወር አካባቢ ያልቃል፤ ነርስነት በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ቅድመ ኮርሶቹን ጨምሮ ሦስት ዓመት ያህል ይፈጃል።

ለምሳሌ የ35 ዓመት ሴት እንውሰድ። ነርስነትን ከመረጠች በሦስት ዓመት ውስጥ ከትራክ ልታገኝ የምትችለው 170,000 ዶላር ያህል ይቀርባታል። እየተማረች በሲኤንኤነት ግማሽ ቀን ብትሠራ 60,000 ያህል ታካክሳለች። ለትምህርትና ለመጽሐፍ 20,000 ቢወጣ፣ ጠቅላላ ዋጋው 130,000 አካባቢ ነው። ትልቁ ወጪ የትምህርት ቤት ክፍያው ሳይሆን ሳይሠራ የቀረው ጊዜ መሆኑን ልብ ይሏል። በ38 ዓመቷ ተመርቃ በሦስት ዓመት ተኩል ውስጥ ኪሳራውን ትመልሳለች። ከዚያ እስከ 65 ዓመቷ የምታገኘው ትርፍ፣ ታክስ ሳይነሳ፣ ከ800,000 ዶላር ይበልጣል።

ተማሪዋ 55 ዓመቷ ቢሆንስ? ኪሳራውን የምትመልሰው በ61 ዓመት ተኩሏ ነውና፣ እስከ 65 የሚቀራት ሦስት ዓመት ተኩል ብቻ ነው። ትርፉ ወደ 126,000 ይወርዳል፤ አንድ ዓመት ከተደገመ አብዛኛው ይበላል። ለእሷ ሲዲኤሉ፣ ወይም ከነርስነቱ አጠር ያለው ኤልፒኤን፣ የማይናቅ ምርጫ ነው።

ይህ ሁሉ ስሌት የሚሠራው ትምህርቱ ካለቀና ፈተናው ከታለፈ ነው። በጥር 2023 በፍሎሪዳ ሦስት የነርስ ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ ሐሰተኛ ዲፕሎማ መሸጣቸው ይፋ ሆኗል፤ ገዢዎቹ ገንዘባቸውንም ፈቃዳቸውንም አደጋ ላይ ጣሉ። ስለዚህ ከመመዝገብ በፊት ትምህርት ቤቱ በክፍለ ግዛቱ የነርሶች ቦርድ መፈቀዱንና ተመራቂዎቹ በመጀመሪያ ሙከራ ኤንክሌክስን ያለፉበትን መቶኛ ማየት ያስፈልጋል።

ከሁሉም ርካሹ መፈተኛ ግን አናቶሚና ፊዚዮሎጂ ነው። ኮሌጁ ቅድመ ኮርስ ካልጠየቀ፣ ሌሎቹን ኮርሶች ሳይነኩ ይህን አንዱን ለአንድ ሴሚስተር መውሰድ ይቻላል። ብዙዎች ከነርስነት የሚመለሱት እዚሁ ላይ ነውና፣ ውጤቱ ካላማረ የጠፋው አንድ ሴሚስተርና የአንድ ኮርስ ክፍያ ብቻ ነው፤ የሲዲኤል ትምህርት ቤቱ በሩን አልዘጋም።