የትራንስፎርመር ጥምጥም መፈናቀልን በድግግሞሽ ምላሽ መለየት፦ የማነጻጸሪያ ኩርባ አመራረጥ

ትልቅ የኃይል ትራንስፎርመር ከፋብሪካ ሲላክ ክብደቱን ለመቀነስ ዘይቱ ተቀድቶ በምትኩ ደረቅ አየር ወይም ናይትሮጂን ይሞላበታል። በጅቡቲ ወደብ በኩል ወደ ኢትዮጵያ የሚገባ ትራንስፎርመርም ወደ ደጋው ማከፋፈያ ጣቢያ የሚደርሰው ረጅም የየብስ ጉዞ አድርጎ ነው። በመንገድ የደረሰበት ንቅናቄ ጥምጥሞቹን አፈናቅሎ እንደሆነ ታንኩን ሳይከፍቱ ለመመርመር የሚያገለግለው ዘዴ የድግግሞሽ ምላሽ ፍተሻ ነው። ይህ ጽሑፍ በፍተሻው የታየ ልዩነት የመፈናቀል ምልክት መሆን አለመሆኑ እንዴት እንደሚለይ ይመረምራል።

በፍተሻው ጊዜ ለጥምጥሙ አንድ ጫፍ የጥቂት ቮልት ሳይን ሞገድ ይሰጠዋል፤ ድግግሞሹም ብዙውን ጊዜ ከ20 ኸርዝ እስከ 2 ሜጋኸርዝ ደረጃ በደረጃ ከፍ ይላል። በሌላኛው ጫፍ የተገኘው ሞገድ ከተሰጠው ጋር ያለው ንጽጽር በዴሲቤል ይመዘገባል። ጥምጥሙ ኢንደክታንስ አለው፤ በዙሮቹ መካከል፣ በጥምጥሞቹ መካከል እንዲሁም በጥምጥሙና በኮሩ መካከል ደግሞ ካፓሲታንስ አለ። የሁለቱ መስተጋብር በኩርባው ላይ የሬዞናንስ ጫፎችንና ሸለቆዎችን ይፈጥራል፤ የእያንዳንዱ ስፍራም በግምት በሚከተለው ቀመር ይገለጻል።

f = 1/(2π√(LC))

የጥምጥሙ ቅርጽ ሲለወጥ L ወይም C ስለሚለወጥ የሬዞናንሱ ስፍራ ይንቀሳቀሳል። ዘዴው ግን “አልፏል” ወይም “ወድቋል” የሚያሰኝ ፍጹም ቁጥር የለውም፤ ፍርዱ የሚሰጠው በንጽጽር ብቻ ነው። ስለዚህ የማነጻጸሪያው ኩርባ በምን ሁኔታ እንደተለካ ማወቅ የምርመራው መሠረት ነው።

የፋብሪካ ኩርባው ታንኩ ዘይት ሞልቶ ሳለ የተለካ፣ የጣቢያው ልኬት ደግሞ ያለ ዘይት የተደረገ ነው እንበል። የዘይት የዳይኤሌክትሪክ ቋሚ ወደ 2.2 ሲሆን የአየር ወደ 1 ነው፤ ዘይቱ ሲወጣ ካፓሲታንሱ ይቀንሳል። ወረቀቱና ፕሬስቦርዱ በቦታቸው ስላሉ ግን ቅነሳው በሁለቱ ቋሚዎች ንጽጽር ልክ አይሆንም። ለአብነት ካፓሲታንሱ በ30 በመቶ ቢቀንስ፣ በ100 ኪሎኸርዝ የነበረ ሬዞናንስ ወደ 119.5 ኪሎኸርዝ ይሸጋገራል። ልዩነቱ ትልቅ ቢሆንም መፈናቀልን አያሳይም። መለያው ሽግግሩ በሦስቱም ፌዞች በተቀራረበ መጠን መታየቱ ነው። ይህ ግን ትንሽ መፈናቀልን ሊሸፍን ስለሚችል፣ አስተማማኙ መንገድ ትራንስፎርመሩ በፋብሪካ ለጉዞ በተዘጋጀበት ሁኔታ፣ ማለትም ያለ ዘይት፣ ተለክቶ በጣቢያው በዚያው ሁኔታ እንደገና መለካቱ ነው።

ያው ትራንስፎርመር ከዓመታት አገልግሎት በኋላ ከእርሱ ውጭ በመስመር ላይ በደረሰ አጭር ዙር ከባድ ጅረት አለፈበት እንበል። በዚህ ጊዜ የሚፈጠረው ራዲያል ኃይል ውስጠኛውን ጥምጥም ወደ ኮሩ ይጫነዋል። የአንዱ ፌዝ ውስጠኛ ጥምጥም ወደ ውስጥ ቢሰረጉድ ለኮሩ ያለው ካፓሲታንስ ይጨምራል። ጭማሪው 8 በመቶ ቢሆን፣ በእርሱ የሚወሰነው የ100 ኪሎኸርዝ ሬዞናንስ ወደ 96.2 ኪሎኸርዝ ይወርዳል፤ የቀሩት ሁለት ፌዞች ግን ከቀድሞ ኩርባቸው ጋር ይገጥማሉ። ሽግግሩ በአንድ ፌዝ ብቻ መታየቱ ከዘይት ለውጥ ይለየዋል።

በጥምጥሞቹ መካከል ያለው ክፍተት ስለሚሰፋ የሊኬጅ ኢንደክታንሱም ይጨምራል። የሌላኛው ጥምጥም ጫፎች ተገናኝተው ሲለካ፣ ኢንደክታንሱ ጎልቶ በሚታይበት የኩርባው ቁልቁለት ላይ የ3 በመቶ ጭማሪ ኩርባውን በ0.26 ዴሲቤል ገደማ ዝቅ ያደርገዋል። ይህ 100 ዴሲቤል በሚሸፍን ግራፍ ላይ ለዓይን አይታይም፤ ስለዚህ ያ ክፍል ለብቻው ሰፍቶ መታየት አለበት። ግኝቱም በየፌዙ በሚደረግ የሊኬጅ ሪአክታንስ ልኬት ይረጋገጣል።

ከመፈናቀል ጋር የሚምታቱ ሌሎች ለውጦችም አሉ። የጥምጥም ሬዚስታንስ በቀጥተኛ ጅረት ከተለካ በኋላ በኮሩ ውስጥ ቀሪ መግነጢስነት ስለሚኖር በዝቅተኛው ድግግሞሽ ያለው የመጀመሪያው ሸለቆ ወደ ከፍተኛ ድግግሞሽ ይገፋል፤ መግነጢስነቱ ሲወገድ ኩርባው ይመለሳል። የታፕ ቼንጀሩ ስፍራ መለየት የኩርባውን ቅርጽ ይለውጣል፤ የምድር ማገናኛው ሽቦ ርዝመት ደግሞ ይበልጡን ከፍተኛውን ድግግሞሽ ይነካል። ስለሆነም ልዩነት ሲታይ የመጀመሪያው እርምጃ ኮሩን ከመግነጢስነት አጽድቶ፣ ታፑንና ማገናኛዎቹን ከመዝገቡ ጋር አስተካክሎ መለካት ነው።

ዘዴው ወሰን አለው። የጥምጥም ማጥበቂያ ላልቶ ቅርጹ ግን ካልተለወጠ ኩርባው ላይለወጥ ይችላል። መፈናቀል ሲታይም ትራንስፎርመሩ የሚቀጥለውን አጭር ዙር ይቋቋም እንደሆነ ኩርባው አይናገርም። ያለ በቂ ምክንያት ታንክ መክፈት ማገጃውን ለእርጥበት ያጋልጣል፤ የተፈናቀለ ጥምጥም ላይ ኃይል መልቀቅ ደግሞ ትራንስፎርመሩን ሊያሳጣ ይችላል። ውሳኔው ሚዛናዊ የሚሆነው በተመሳሳይ ሁኔታ ተደግሞ የተገኘና በሌላ ልኬት የተደገፈ ልዩነት ሲኖር ነው።