ደንና እርሻ አማካይ የላቸውም፦ የመሬት ሽፋን ካርታን የፒክስል መጠን ስለ መለወጥ

በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ወረዳዎች ጽዱ፣ ወይራውና ኮሶው በብዛት ተጠብቆ የሚገኘው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ውስጥና ዙሪያ ነው። የትኛው ደብር የድንጋይ አጥር፣ የትኛው ደግሞ ችግኝ እንደሚያስፈልገው አስቀድመን ለመለየት የመሬት ሽፋን ካርታ እንጠቀማለን። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት በእነርሱ አቆጣጠር ለ2020 እና ለ2021 ያወጣው ወርልድከቨር የተባለው ካርታ በነጻ ይገኛል፤ የእያንዳንዱ ፒክስል ጎንም 10 ሜትር ያህል ነው። በዚህ ካርታ 10 ማለት ዛፍ፣ 20 ቁጥቋጦ፣ 30 ሣር፣ 40 የእርሻ መሬት ማለት ነው። እነዚህ ቁጥሮች ስሞች እንጂ መጠኖች አይደሉም። በሰበካ ጉባኤ መዝገብ በ10 ቁጥር የተመዘገበውንና በ40 ቁጥር የተመዘገበውን አባወራ ደምረን ለሁለት ብናካፍል የምናገኘው 25 ቁጥር፣ ከሁለቱም ጋር የማይዛመድ የሌላ ቤተ ሰብ ቁጥር ነው።

ካርታው የተዘጋጀው በዲግሪ ነው፤ እኛ ግን ስፋትን የምንለካው በሜትር ስለሆነ ወደ ዩቲኤም ዞን 37 እንለውጠዋለን። በጉና ተዳፋት ያለውን የመሬት ከፍታ ከሚያሳየው የ30 ሜትር ራስተር ጋር ለማስተያየትም ሁለቱ አንድ ዓይነት የፒክስል መጠን ሊኖራቸው ይገባል። በሁለቱም ጊዜ የአዲሶቹ ፒክስሎች እምብርት በአሮጌዎቹ እምብርት ላይ በትክክል ስለማያርፍ፣ ኮምፒውተሩ ለአዲሱ ፒክስል የትኛውን ዋጋ እንደሚሰጥ መወሰን አለበት።

ከመወሰኛ መንገዶች አንዱ የቅርብ ጎረቤት ይባላል፤ በጣም የቀረበውን ፒክስል ቁጥር ሳይለውጥ ይወስዳል። ባይሊኒየር የተባለው ደግሞ በዙሪያው ካሉት አራት ፒክስሎች፣ ለቀረበው የበለጠ ክብደት እየሰጠ፣ አማካይ ያወጣል። ለከፍታ አማካዩ ተገቢ ነው፤ በ2600 እና በ2640 ሜትር መካከል 2620 ሜትር የሆነ ቦታ አለና። በከፍታ ላይ የቅርብ ጎረቤትን ብንመርጥ ተዳፋቱ ደረጃ ደረጃ እየሠራ ይሰበርብናል።

አሁን ወደ አንድ ደብር ደን ጠርዝ እንምጣ። በውስጥ ዛፍ (10)፣ በውጭ የጤፍ ማሳ (40) አለ። የአዲሱ ፒክስል እምብርት ከዛፉ ወደ ማሳው ካለው ርቀት ሲሶው ላይ ቢያርፍ፣ ባይሊኒየር የዛፉን ሁለት እጅ የማሳውን አንድ እጅ ወስዶ 20 ይሰጠናል፤ ቁጥቋጦ ማለት ነው። ወደ ማሳው ቀርቦ ሁለት ሲሶው ላይ ቢያርፍ 30፣ ሣር ይሆናል። በቦታው ግን ቁጥቋጦም ሣርም የለም። በደኑ ዙሪያ የሐሰት ቀለበት ተሠራ ማለት ነው። በእነዚህ ወረዳዎች በእውነት ቁጥቋጦ የከበባቸው ደኖች ስላሉ፣ ካርታውን ያየ ሰው አይጠራጠርም፤ ይልቁንም «ይህ ደን ከከብትና ከማረሻ የሚከልለው ዙሪያ አለው፣ አጥሩ ይቆይ» ሊል ይችላል።

ትንሹ ደን ደግሞ ይበልጥ ይጎዳል። 2 ሄክታር የሆነ ደን አራት ማዕዘን ነው ብንል ጎኑ 141 ሜትር ያህል ነው። ጠርዙ በየአቅጣጫው በ10 ሜትር ቢሸረፍ 1.47 ሄክታር ይቀራል፤ ከሩብ በላይ ጠፋ ማለት ነው። የ20 ሄክታር ደን በዚያው ሽርፈት የሚያጣው ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም።

ስሕተቱን ለማወቅ በQGIS `Raster layer unique values report` የሚለውን መሣሪያ መክፈት ይበቃል። በዝርዝሩ 17፣ 25 ወይም 33 ከታየ፣ በካርታው መፍቻ የሌለ ቁጥር ነውና አማካይ ተሠርቷል። ሐሰተኞቹ 20 እና 30 ግን ከእውነተኞቹ ጋር ተቀላቅለው ስለሚደበቁ፣ የቁጥቋጦውን ስፋት ከለውጡ በፊትና በኋላ ማነጻጸር ያስፈልጋል።

የቅርብ ጎረቤትም ቢሆን ጉድለት አለው። ከ10 ወደ 30 ሜትር ስንሄድ ከዘጠኝ ፒክስሎች አንዱን ወስዶ ስምንቱን ይተዋል፤ በወንዝ ዳር ያለ ቀጭን የዛፍ መስመር በዕድል ይቆራረጣል ወይም ይወፍራል። `Mode` የተባለው ምርጫ ከዘጠኙ የሚበዛውን ስለሚወስድ ለእንዲህ ያለው ማሳነስ ይሻላል፤ ነገር ግን ቀጭኑን መስመር እርሱም ያጠፋዋል። ስለዚህ እኛ የምንመርጠው ሽፋኑን በ10 ሜትር ትቶ፣ አማካይ የሚችለውን ከፍታ ወደ 10 ሜትር ማምጣት ነው፦

```
gdalwarp -t_srs EPSG:32637 -tr 10 10 -tap -r near shifan.tif shifan_10m.tif
gdalwarp -t_srs EPSG:32637 -tr 10 10 -tap -r bilinear kefita.tif kefita_10m.tif
```

`-tap` የሁለቱ ራስተሮች መስመሮች እርስ በርስ እንዲገጥሙ ያደርጋል። ከፍታው በዚህ አዲስ ዝርዝር አያገኝም፤ የ30 ሜትር እውቀቱን በ10 ሜትር ፒክስል ለብሶ ይቀመጣል እንጂ። የደኑ ስፋት ግን የሚለካው በመጀመሪያው ፋይል ላይ ነው።