የሶላር ባትሪ ስትገዙ ዋጋውን በዙር አስሉት

ለቤቱ ሶላር ባትሪ ሊገዛ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የሻጩን ዋጋ ነው፤ በዚያ ከሄድን የሊድ አሲድ ባትሪ ሁልጊዜ ርካሽ ይመስላል። የሚያዋጣውን ለማወቅ ግን ባትሪው አገልግሎቱን እስኪጨርስ የሚሰጠው እያንዳንዱ ኪሎዋት-ሰዓት ስንት ብር እንደሚያስወጣ አስሉ።

1. ለአገልግሎት የሚውለውን ኃይል አውጡ። ቮልቱን በአምፔር-ሰዓቱ አባዝታችሁ ለ1000 አካፍሉ። ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፔር-ሰዓት ሊድ አሲድ 2.4 ኪሎዋት-ሰዓት ይይዛል፤ ከግማሽ በታች አዘውትሮ ከወረደ ግን ቶሎ ስለሚበላሽ የምትጠቀሙት 1.2 ብቻ ነው። ባለ 12.8 ቮልት፣ 100 አምፔር-ሰዓት ሊቲየም አይረን ፎስፌት 1.28 ይይዛል። 80 በመቶውን ብትጠቀሙበት ስለማይጎዳ 1.02 ገደማ ይሰጣችኋል።

2. በዙር አባዙ። አንድ ዙር ማለት ባትሪውን ሞልቶ መጠቀምና እንደገና መሙላት ነው። የዙሩን ቁጥር ከአምራቹ ሰነድ ላይ ውሰዱ። ለሊድ አሲዱ 500፣ ለሊቲየሙ 3000 ዙር ብንወስድ የመጀመሪያው በዕድሜው 600፣ ሁለተኛው 3060 ኪሎዋት-ሰዓት ይሰጣሉ።

3. ዋጋውን አካፍሉ። ለስሌት ያህል ሊድ አሲዱ 30,000፣ ሊቲየሙ 60,000 ብር ነው እንበል። ሊድ አሲዱ በኪሎዋት-ሰዓት 50 ብር፣ ሊቲየሙ 20 ብር ገደማ ያስወጣል። በእነዚህ ቁጥሮች ምትክ የጠየቃችሁትን ዋጋ አስገቡ።

4. ዕድሜውንም ቁጠሩ። ባትሪ ባይሠራም ያረጃል። መብራት ሲጠፋ በሳምንት አንዴ ብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ በዓመት የምትጨርሱት 52 ዙር ነው። ሊድ አሲዱ 5 ዓመት ቢቆይ ሒሳቡ 96 ብር፣ ሊቲየሙ 10 ዓመት ቢቆይ 113 ብር ይመጣል። እዚህ ላይ ሊድ አሲዱ ያዋጣል።

5. እንክብካቤውን መዝኑ። ክዳኑ የሚከፈት ሊድ አሲድ በየወሩ ውሃው መታየት አለበት። ሳህኖቹ ከተጋለጡ እስኪሸፈኑ ድረስ ብቻ ዲስቲልድ ውሃ ጨምሩ፤ የቀረውን ሙሉ ቻርጅ ካደረጋችሁ በኋላ ሙሉ። አሲድ አይጨመርም። ቻርጁ ጎዶሎ ሆኖ ከከረመ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ይጋገራል፤ ምልክቱም ቶሎ ሞልቶ ቶሎ ማለቁ ነው። ሙቀትም ጠላቱ ነው፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ሊቲየሙ ውሃ አይጠይቅም፤ ነገር ግን ቻርጅ ኮንትሮለሩ ለዓይነቱ መስተካከል አለበት፣ ከዜሮ ዲግሪ በታችም ቻርጅ አይደረግም።

በየቀኑ ለምትጠቀሙበት ቤት ሊቲየሙን፣ አልፎ አልፎ ለመጠባበቂያ ውሃውን የሚከታተል ሰው ካለ ሊድ አሲዱን ግዙ።