ግሱ እስኪመጣ፦ ረጅም የደርስ ዓረፍተ ነገር የት ይቆረጣል?



የዚህ ዕትም ትምህርት ሰዋስው ነው፤ ለፈተና ግን አይደለም። ለእረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ ብዙዎቻችን ከመግሪብ በኋላ «እስቲ አንተ የተማርከው፣ ትንሽ ንገረን» እንባላለን። ማጀቴም ሆነ ሸዋ ሮቢት፣ በይፋት ቆላ ባለ መስጂድ ፊታችን የሚቀመጠው ከማሳ የተመለሰ ገበሬ፣ ሱቁን የዘጋ ነጋዴ፣ ከኋላ ደግሞ ልጆች ናቸው። ጽሑፍ ያልገባው ሰው ወደ ኋላ ተመልሶ ያነባል። ደርስ ግን አንዴ ካለፈ አለፈ።

የምናዘጋጀው አብዛኛውን ጊዜ ከዐረብኛ ኪታብ ነው። በዐረብኛ ግሱ ቀድሞ መምጣት ይችላል፤ «ቃለ» ሲባል ገና ከመነሻው አንድ ሰው ሊናገር እንደሆነ ታውቋል። ግዕዝም ግሥን ማስቀደም ይወድ ነበር። አማርኛ ግን ግሱን መጨረሻ ያስቀምጠዋል፤ ጎረቤቶቹ ኦሮምኛና አርጎብኛም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ የይፋት ሰው ግስ መጠበቅ አዲስ ነገር አይሆንበትም። «ሰውዬው ለልጁ ከገበያ ጫማ» ብላችሁ ብታቆሙ አድማጩ ራሱ «ገዛለት» ብሎ ይጨርስላችኋል። «ለ» እና «ከ» ግሱ ከመምጣቱ በፊት መንገዱን አሳይተውታል።

ችግሩ ግሱ መጨረሻ መምጣቱ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ችግር የሚፈጠረው አንዱ ሐሳብ በግሱ ሳይዘጋ ሌላው ሲከፈት፣ እሱም ሳይዘጋ ሦስተኛው ሲጨመር ነው። አድማጩ የተከፈቱትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ተሸክሞ ይጠብቃል፤ ከተወሰነ በኋላ ይጥላቸዋል።

በእህል ዘካ ምሳሌ እንየው። እንዲህ የሚል ደርስ አድራጊ አስቡ፦

«ማሽላውን በዝናብ ብቻ ያመረተ ገበሬ ከአሥር ኩንታል አንዱን ኩንታል፣ ከወንዝ በፓምፕ ውሃ እየሳበ ለነዳጅ እየከፈለ ያመረተው ደግሞ ግማሽ ኩንታል እንዲያወጣ፣ ምርቱ ኒሷብ ያልሞላለት ግን ምንም እንዳይጠየቅ ዑለማዎች የደነገጉትን ሕግ ሳያውቅ ዘካ በሁሉም ገበሬ ላይ እኩል ነው ብሎ የሚያስተምር ሰው ትክክል አይደለም።»

በወረቀት ላይ ስሕተት የለበትም። በጆሮ ግን ተከተሉት። «አንዱን ኩንታል» ከተባለ በኋላ ምን እንደሚደረግ የሚነግረን «እንዲያወጣ» የሚመጣው አሥር ቃላት አልፈው ነው። ያም አንድ ግስ ለሁለት ገበሬዎች ነው የሚያገለግለው። ገበሬውን ባለቤት አድርገን ስንጠብቅ «ሕግ ሳያውቅ» ይመጣና እስካሁን የሰማነው ሁሉ የ«ሕግ» ማብራሪያ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ትክክለኛው ባለቤት «ሰው» ነው፤ እሱም ከመዝጊያው ሁለት ቃል ቀደም ብሎ ነው ብቅ የሚለው።

ከሁሉ የከፋው ግን መሐል ላይ ያለችው «ነው» ናት። «ዘካ በሁሉም ገበሬ ላይ እኩል ነው» የሚለው ብቻውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ሸክሙ የከበደው አድማጭ «ነው» ሲሰማ ሐሳቡ የተዘጋ መስሎት ያርፋል። «ብሎ የሚያስተምር ሰው ትክክል አይደለም» የሚለው ሲመጣ እሱ እያዳመጠ አይደለም። ኡስታዙ ሊያርሙት የፈለጉትን ስሕተት ከመስጂድ ይዞ ይወጣል፤ «ኡስታዝ ናቸው ያሉት» እያለም ለጎረቤቱ ይነግራል።

ለማስተካከል መጀመሪያ ግሶቹን ለቅማችሁ አውጡ፤ ለእያንዳንዱ «ማን?» ብላችሁ ባለቤቱን አጠገቡ አምጡለት። መጨረሻ ላይ የተቀመጠውን ፍርድ ደግሞ አጭር አድርጋችሁ ወደ ፊት አውጡት። እንዲህ ይሆናል፦

«ዘካ በሁሉም ገበሬ ላይ እኩል አይደለም። መጀመሪያ ምርቱ ኒሷብ መሙላት አለበት፤ ካልሞላ ዘካ የለበትም። ሞላ እንበል። ማሽላውን ያበቀለው ዝናብ ብቻ ነው? ከአሥር ኩንታል አንድ ኩንታል ያወጣል። በፓምፕ ውሃ እየሳበ፣ ለነዳጅ እየከፈለ ነው ያበቀለው? ከአሥር ኩንታል ግማሽ ኩንታል ያወጣል። ዑለማዎች የደነገጉት ይህንን ነው።»

(ኒሷቡ በሻፊዒይ መዝሀብ አምስት ወስቅ ነው፤ በብዙ ስሌት 653 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። ገበሬው በኩንታል ነውና የሚያስበው፣ «ስድስት ኩንታል ተኩል ገደማ» በሉት።)

«በዝናብ ብቻ ያመረተ ገበሬ» የሚለው ሐረግ እዚህ ጥያቄ ሆኗል። አማርኛ ገላጭ ሐረግን ከስሙ በፊት ስለሚያስቀምጥ አድማጩ ማንን እየገለጽን እንደሆነ ሳያውቅ ገለጻውን መሸከም ይገደዳል። ጥያቄ ግን ራሱን ችሎ ይዘጋል፤ ገበሬውም «የኔው ነው» ወይም «የኔ አይደለም» ብሎ ይመልስና ተራውን ይጠብቃል።

መቁረጥ ሲበዛ ግን ሌላ አደጋ አለ። «ገበሬ ከምርቱ አንድ አሥረኛ ያወጣል። ይህ ግን ኒሷብ ከሞላ ነው። ደግሞም በዝናብ ብቻ ከሆነ ነው።» አጭር ነው፤ ነገር ግን ፍርዱ ከቅድመ ሁኔታው ተነጥሎ ስለቀደመ አራት ኩንታል ብቻ ያገኘው ሰውዬ የመጀመሪያዋን ይዞ ሊሄድ ይችላል። በእኔ አስተያየት ይህ ከረጅሙ ዓረፍተ ነገር አይሻልም። በ«ከ» የሚጀምር አጭር ቅድመ ሁኔታ፣ እንደ «ካልሞላ ዘካ የለበትም» ያለው፣ ከፍርዱ ጋር ተጣብቆ ይቆይ። ወደ ፊት የሚወጣው ያለ ቅድመ ሁኔታ እውነት የሆነው ብቻ ነው፤ «እኩል አይደለም» የሚለው እንደዚያ ነው።

ሌላው ቦታ የሰው ንግግር ስንጠቅስ ነው። ይህን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፦

«ሼኹ ጎረቤቴን በድዬ ይቅር ሳይለኝ ሐጅ ልሄድ ነውና ምን ላድርግ ብሎ ለጠየቃቸው ሰውዬ መጀመሪያ ሂድና ይቅርታ ጠይቀው አሉት።»

እስከ «ብሎ ለጠየቃቸው» ድረስ ጎረቤታቸውን የበደሉት ሼኹ ናቸው! በንግግር ትምህርተ ጥቅስ የለም፤ «ብሎ» እና «አሉት» ከንግግሩ በኋላ ስለሚመጡ «እኔ» የሚለው ማን እንደሆነ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። አማርኛ ግን ለዚህ የራሱ መውጫ አለው፤ «እንዲህ ሲል ጠየቀ»፣ «እንዲህ አሉት» ብሎ ግሱን ማስቀደም ይቻላል።

«አንድ ሰውዬ ሼኹ ዘንድ መጣና እንዲህ ሲል ጠየቃቸው፦ ጎረቤቴን በድያለሁ፤ ይቅር አላለኝም፤ ሐጅ ልሄድ ነው፤ ምን ላድርግ? ሼኹም እንዲህ አሉት፦ መጀመሪያ ሂድና ይቅርታ ጠይቀው።»

ሐዲሥ ስትተረጉሙ ይህ በየጊዜው ይገጥማችኋል። ዐረብኛው እያንዳንዱን ዘጋቢ በራሱ «ቃለ» እየዘጋ ይሄዳል። በአማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ልናስገባው ስንሞክር ስሞቹ ሁሉ ፊት ላይ ይደረደራሉ፣ «ብሎ»ዎቹ ሁሉ መጨረሻ ይከመራሉ። ዘገባውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ዝጉት፤ ከዚያ «ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዲህ አሉ» ብላችሁ አዲስ ጀምሩ።

ክልከላም እንዲሁ መጨረሻ ላይ ነው የሚታወቀው፤ «ይፈቀዳል»ን ከ«አይፈቀድም» የሚለዩት የግሱ ጫፎች ናቸው። ዓረፍተ ነገሩን ማሳጠር ካልቻላችሁ «ፈጽሞ» ወይም «በጭራሽ» የሚለውን መጀመሪያ አካባቢ አስገቡ። እነዚህ ቃላት አብዛኛውን ጊዜ አሉታዊ ግስ ስለሚያስከትሉ አድማጩ ክልከላ እየመጣ መሆኑን ቀድሞ ያውቃል።

ደርሳችሁን ከማቅረባችሁ በፊት በስልካችሁ ቅዱትና ርእሱን ለማያውቅ ታናሽ ወንድም ወይም እህት አንዴ ብቻ አሰሟቸው። ከዚያ «ምን አለ?» በሏቸው። ቁጥሮቹ ከተቀያየሩባቸው ሁለቱ ገበሬዎች አንድ ግስ ተጋርተዋል። ፍርዱን ገልብጠው ከነገሯችሁ መሐል ላይ የተደበቀች «ነው» ፈልጉ። «ማን እንዳለው አላወቅኩም» ካሉ ደግሞ «እንዲህ አሉ» የሚለው ዘግይቷል።