«በቅርቡ ይስተካከላል» ውሳኔ አይደለም፦ የሳምንታዊ ስብሰባ አጀንዳና ቃለ ጉባኤ አጻጻፍ

ከዱብሉቅ ገበያ ወይፈን እየገዛ በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ የሚሸጥ አምስት አባላት ያሉት የንግድ ቡድን ይታሰብ። አንዱ ገበያ ላይ ይገዛል። ሁለተኛው ሜጋ አጠገብ ባለው ማቆያ ከብቶቹን ይቀልባል፣ ያጠጣል፣ ያስከትባል። ሦስተኛዋ የጤና ሰርተፍኬቱንና ሌላውን ወረቀት ታስጨርሳለች፣ መኪናም ትከራያለች። አራተኛው በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ ሆኖ ከገዢዎች ጋር ይደራደራል። አምስተኛዋ ገንዘብ ያዥ ናት። አምስቱ አንድ ቦታ ስለማይገኙ ሰኞ ሰኞ ማታ በስልክ ይሰበሰባሉ።

በአንዱ ሰኞ ማስታወሻ ላይ ስለ ጭነት የሰፈረው ይህ ብቻ ነበር እንበል፦ «ስለ መኪና ተነጋግረናል፤ በቅርቡ ይስተካከላል።» የማቆያው ኃላፊ የሰነድ ኃላፊዋ መኪና ይዛለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ደግሞ የሚጫንበትን ቀን ይነግረኛል ብላ ጠበቀች። ሁለቱም ስብሰባው ላይ ነበሩ፤ ሁለቱም ማስታወሻውን አንብበዋል። 60 ወይፈን ግን ሦስት ቀን ማቆያ ውስጥ ቆመ።

የዚህ ዋጋ ሊሰላ ይችላል። 250 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ወይፈን በቀን 7 ኪሎ ያህል ድርቆሽ ይፈልጋል። ለ60 ከብት 420 ኪሎ፣ ማለትም 14 ኪሎ የሚመዝን 30 እስር ይሆናል። ለስሌቱ ያህል አንዱ እስር 200 ብር ቢባል የቀኑ መኖ 6,000 ብር ነው። ለውሃና ለጠባቂ 1,500 ብር ሲጨመር በቀን 7,500፣ በሦስት ቀን 22,500 ብር ይወጣል። ይህ ለእያንዳንዱ ከብት 375 ብር ማለት ነው። ኬንያ ያለው ገዢ ይህን ብር አይከፍልም፤ ከቡድኑ ትርፍ ላይ ይቀነሳል። የሰርተፍኬቱ የአገልግሎት ጊዜ በመሀል ካለፈ ደግሞ ምርመራው እንደገና ሊጀመር ነው።

እዚህ ላይ የጎደለው ንግግር አይደለም። በማስታወሻው ላይ ማን፣ ምን፣ መቼ የሚሉት ሦስቱ አለመኖራቸው ነው። ይህ ክፍተት የሚጀምረው ደግሞ ከቃለ ጉባኤው ሳይሆን ከአጀንዳው ነው።

አጀንዳው በጥያቄ ይጻፍ

ብዙ ጊዜ አጀንዳ የሚጻፈው በስም ነው፦ «1. መኪና፣ 2. ዋጋ፣ 3. ልዩ ልዩ»። «መኪና» የሚል ርዕስ ሰዉን ያናግራል እንጂ አያስወስንም። ስለ ነዳጅ፣ ስለ ሾፌር፣ ስለ መንገድ ተወርቶ ጊዜው ያልቃል። ርዕሱ በጥያቄ ሲጻፍ ግን ውይይቱ የት ላይ እንደሚያበቃ ሁሉም አስቀድሞ ያውቃል፤ መልሱ ሲገኝ ነጥቡ ይዘጋል።

ሁለተኛው ጉዳይ መረጃ ነው። ጥያቄው የሚመለሰው በቁጥር ከሆነ ቁጥሩን ማን ይዞ እንደሚመጣ አጀንዳው ላይ መጻፍ አለበት። አለበለዚያ ስብሰባው ላይ «ጠይቄ አሳውቃለሁ» ይባልና ጉዳዩ ለሌላ ሳምንት ይተላለፋል። ስለዚህ አጀንዳው ሰኞ ማታ ሳይሆን ቅዳሜ መላክ ይኖርበታል፤ ባለመኪና ለመጠየቅም ሆነ ከብት ለመቁጠር አንድ ቀን ያስፈልጋል። የዚያው ቡድን አጀንዳ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

ሰኞ ኅዳር 1 ቀን 2018 (ኖቬምበር 10፣ 2025)፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 2፡40

1. ያለፈው ሳምንት ሥራዎች ተሠርተዋል? (5 ደቂቃ)
2. 60ዎቹ ወይፈኖች በየትኛው ቀን፣ በስንት መኪና ይጫናሉ? (15 ደቂቃ) የማቆያው ኃላፊ የተከተቡበትን ቀንና ለጉዞ ብቁ የሆኑትን ቁጥር፣ የሰነድ ኃላፊዋ የሁለት ባለመኪናዎችን ዋጋ ይዘው ይቀርባሉ።
3. በሚቀጥለው ገበያ ለአንድ ወይፈን እስከ ስንት ብር እንክፈል? (15 ደቂቃ) ሻጩ የኬንያውን ዋጋ፣ ገንዘብ ያዥዋ በእጅ ያለውን ገንዘብ ይዘው ይቀርባሉ።
4. ውሳኔዎቹን አንብቦ ማጽደቅ (5 ደቂቃ)

«ልዩ ልዩ» የሚል ነጥብ የለም። አዲስ ጉዳይ ያለው ሰው እስከ ቅዳሜ ለሰብሳቢው ያሳውቃል። ጉዳዩ እስከሚቀጥለው ሰኞ የሚቆይ ካልሆነ ድሮም የስልክ ጥሪ እንጂ የስብሰባ ጉዳይ አይደለም።

ቃለ ጉባኤው ውሳኔን እንጂ ንግግርን አይይዝም

የአርባ ደቂቃ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ በስልክ መስኮት ላይ ወደ ታች ብዙ ሳይሳብ መነበብ አለበት። «እገሌ እንዲህ አለ፣ እገሌ ተቃወመ» የሚለው አያስፈልግም። በገንዘብ ጉዳይ ያልተስማማ አባል ካለ ግን አለመስማማቱ በአንድ መስመር ይመዝገብ፤ ሒሳብ ሲታሰብ ክርክር ያስቀራል። ከላይ ላለው አጀንዳ የሚበቃው ቃለ ጉባኤ ይህ ነው፦

የተገኙ፦ አምስቱም።

ውሳኔ 1፦ 58 ወይፈኖች ሐሙስ ኅዳር 4 (ኖቬምበር 13) ከንጋቱ 12 ሰዓት (06:00) በ4 መኪና ከሜጋ ይጫናሉ። ሁለቱ ስለሚያነክሱ ይቀራሉ። ሁሉም ለአፍተግር የተከተቡት ጥቅምት 15 (ኦክቶበር 25) ነው።
ሥራ፦ የሰነድ ኃላፊዋ ማክሰኞ ኅዳር 2 እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት (16:00) አራቱን መኪና ቀብድ ከፍላ ትይዛለች፤ የሰሌዳ ቁጥራቸውን ለማቆያው ኃላፊ ትልካለች።
ሥራ፦ የማቆያው ኃላፊ ሁለቱን የሚያነክሱ ማክሰኞ ጠዋት ለሐኪም ያሳያል።

ውሳኔ 2፦ የመግዣ ዋጋ ጣሪያ ተወስኗል፤ መጠኑ በገዢውና በገንዘብ ያዥዋ መዝገብ ተጽፏል።

ያልተወሰነ፦ የኬንያው ገዢ የሚከፍለው በምን መለኪያ ነው? ሻጩ ረቡዕ ኅዳር 3 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት (19:00) ጠይቆ ያሳውቃል።

እያንዳንዱ ሥራ አንድ ባለቤት ብቻ እንዳለው ልብ ይሏል። «የሰነድ ኃላፊዋና የማቆያው ኃላፊ መኪና ይይዛሉ» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ያው የሦስት ቀኑ ችግር ይመለስ ነበር። ያልተወሰነው ጉዳይም ሳይድበሰበስ «ያልተወሰነ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከስሩ ግን የሚከታተለው ሰውና ቀኑ አለ። የክትባቱ ቀንም የገባው ያለ ምክንያት አይደለም። ክትባት በተወጋ ማግስት አይከላከልም፤ ለአፍተግር አንድ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። «ተከትበዋል» የሚለው ቃል ብቻውን ለሐኪምም ለገዢም አይበቃም።

የዋጋ ጣሪያው መጠን ለምን አልተጻፈም? ቃለ ጉባኤው በቴሌግራም ስለሚላክ ነው። ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ተላልፎ ደላላ ዘንድ ከደረሰ ቡድኑ እስከ ስንት ሊወጣ እንደሚችል ገበያው ሁሉ ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጥ አይገኝም።

ድንበር ላይ የሚያሳስቱ ሦስት ነገሮች

የመጀመሪያው ሰዓት ነው። ለኢትዮጵያዊው «3 ሰዓት» ከጠዋት ከሆነ 09:00 ነው፤ በእንግሊዝኛ ለሚነጋገረው ኬንያዊ ደግሞ 3 ሰዓት ከሌሊቱ 9 ወይም ከቀኑ 9 ነው። የስዋሂሊው አቆጣጠር ከእኛ ጋር ስለሚመሳሰል አንዳንዴ ይገጥማል፣ አንዳንዴ አይገጥምም፤ የሚያዘናጋውም ይህ ነው። መፍትሔው ከላይ እንደተደረገው ሁለቱንም መጻፍ ነው።

ሁለተኛው ቀን ነው። «በ13» የተባለ ጭነት የኅዳር 13 ይሁን የኖቬምበር 13 ካልታወቀ ልዩነቱ ዘጠኝ ቀን ነው። የሳምንቱ ቀን ስም ከተጨመረበት ግን ስህተቱ ወዲያው ይታያል፤ ሐሙስ ሁለቱም ዘንድ ሐሙስ ነው።

ሦስተኛው መለኪያ ነው። ቦረና ላይ ከብት በብዛት የሚሸጠው በዓይን ተገምቶ፣ በአንድ ከብት ይህን ያህል ተብሎ ነው። ኬንያ ያለው ገዢ ግን በኪሎ ሊያወራ ይችላል። «በኪሎ 400 ሽልንግ» ቢል የቁም ክብደት ነው ወይስ የታረደ ሥጋ? 250 ኪሎ የሚመዝን ወይፈን ሲታረድ ከነአጥንቱ ግማሽ ገደማ፣ 125 ኪሎ ያህል ይወጣዋል። በቁም ከሆነ አንዱ ወይፈን 100,000 ሽልንግ ያወጣል፤ በታረደ ከሆነ 50,000። በቃለ ጉባኤ ላይ ከዋጋ አጠገብ መለኪያና የገንዘቡ ዓይነት ካልተጻፈ ቁጥሩ ዋጋ አይባልም።

መሥራት አለመሥራቱ በምን ይታወቃል?

ጸሐፊው ስልኩ ከመዘጋቱ በፊት ውሳኔዎቹን ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሥራ የተሰጠው ሰው ሁሉ «ተቀብያለሁ» ይላል። በዚህ ጊዜ «እኔ ነኝ እንዴ?» የሚል ከተገኘ ሦስት የመኖ ቀን ተረፈ ማለት ነው። ቃለ ጉባኤው በዚያው ምሽት ይላካል፤ እርማት ያለው እስከ ነገ ጠዋት ይናገራል። በሚቀጥለው ሰኞ የመጀመሪያው ነጥብ እነዚያን ሥራዎች አንድ በአንድ መጥራት ነው፤ መልሱ «ተሠርቷል» ወይም «አልተሠራም፣ አዲሱ ቀን ይህ ነው» ብቻ ነው።

ከአንድ ወር በኋላ አራቱን ቃለ ጉባኤዎች ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ይጠቅማል። አንድ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ከተመላለሰ ወይ ቁጥሩን የሚያመጣ ሰው አልተመደበም፣ ወይ ውሳኔው ስብሰባው ላይ በሌለ ሰው እጅ ነው። ለምሳሌ ገንዘቡ የሌላ ባለሀብት ከሆነ እሱ ሳይኖር ስለ ዋጋ ጣሪያ መሰብሰብ ጊዜ ማባከን ነው። «ይታያል»፣ «ይስተካከላል»፣ «ክትትል ይደረጋል» የሚሉ ቃላት ከበዙም አጀንዳው እንደገና ወደ ስም ዝርዝር ተመልሷል ማለት ነው።

ሰኞን የማይጠብቅ ነገርም አለ። ረቡዕ ማታ ማቆያው ውስጥ ለሃጫቸው የሚዝረበረብ፣ የሚያነክሱ ከብቶች ከበዙ አፍተግር ሊሆን ይችላል። የሐሙሱ ጭነት በቃለ ጉባኤ ጸድቋል ተብሎ አይጫንም። የማቆያው ኃላፊ ጭነቱን ያስቆማል፣ ሐኪም ይጠራል፣ ለአራቱም ይደውላል። በሚቀጥለው ሰኞ ቃለ ጉባኤ ላይ «ውሳኔ 1 በበሽታ ጥርጣሬ ረቡዕ ኅዳር 3 ታግዷል፤ ያገደው የማቆያው ኃላፊ ነው» የሚል አንድ መስመር ይገባል። ከወራት በኋላ መኪናው ለምን ባዶውን እንደተመለሰ፣ ቀብዱም የት እንደገባ ሲጠየቅ መልሱ እዚያ ይገኛል።