በ«ወ/ማርያም» የቆመ ፋይል

ዱባይ ሄዳ በሙያዋ መሥራት የምትፈልግ አንዲት ነርስ አለች እንበል፤ ስሟንም ሕይወት ጥላሁን ወልደማርያም እንበለው። ፓስፖርቷ HIWOT TILAHUN WOLDEMARIAM ይላል። ዲግሪዋ ላይ HIYWET TILAHUN ተብሎ ተጽፏል፤ አያት የለም። የሙያ ፈቃዷ HIWOT TILAHUN W/MARIAM ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤዋ ደግሞ HIWOT TILAHUN WOLDE ብሎ አያቷን ገምሶ አስቀርቷቸዋል። አራቱን ወረቀት የሚያይ ማንም ሐበሻ የአንድ ሰው መሆናቸውን አይጠራጠርም። ፋይሉን የሚመለከተው ባለሙያ ግን አማርኛ አያውቅም፤ ሥራውም ፊደልን ከፊደል ማስተያየት ነው።

ስህተቱን የሚሠራው ሰነፍ ጸሐፊ ብቻ አይደለም። ሳድስ ፊደሎቻችን በላቲን የታወቀ ወኪል የላቸውም፤ አንዱ I ሲያደርጋቸው ሌላው E ያደርጋቸዋል፣ ሦስተኛው ይዘላቸዋል። ቅድስት KIDIST፣ KEDIST፣ KIDST የምትሆነው በዚህ ነው። የኦሮሚያ ወረቀት ያለው ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥመዋል። በቁቤ ጠ የሚጻፈው በX፣ ጨ የሚጻፈው በC ስለሆነ ጥላሁን XILAAHUN፣ ጫላ CAALAA ይሆናል። ሁለቱም በየራሳቸው ሥርዓት ትክክል ናቸው፤ ለማያውቅ ዓይን ግን TILAHUN እና XILAAHUN የሁለት ሰዎች ስም ነው። ከሁሉም የከፋችው ያቺ እዝባር ናት። «ወ/ማርያም» እና «ገ/መድኅን» እኛ ዘንድ የተለመዱ አጻጻፎች ናቸው፤ ከአገር ሲወጡ ግን W ምን እንደሆነች የሚያውቅ የለም። እኔም ለዓመታት የሥራ ልምድ ደብዳቤ ስጽፍ ቦታ ለመቆጠብ ብዬ ስንቱን W/ እና G/ እያደረግሁ እንደሸኘሁ ሳስብ አፍራለሁ።

የባሕረ ሰላጤው አገሮች የጤና ባለሙያ ፈቃድ ሰጪዎች ሰነድ የሚያስመረምሩት ባብዛኛው ዳታፍሎው በተባለው ድርጅት በኩል ነው። ድርጅቱ የላኩለትን ወረቀት አይቶ ብቻ አይፈርድም። ወረቀቱን የሰጠውን ክፍል ይጠይቃል፤ ዲግሪውን ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር፣ የሥራ ልምዱን ከሆስፒታሉ፣ ፈቃዱን ከፈቃድ ሰጪው። ስለዚህ የሚነጻጸረው የእርስዎ ወረቀት ከፓስፖርትዎ ጋር ብቻ ሳይሆን መዝገብ ቤት ካለው ፋይል ጋርም ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዘመድ ወይም ትውውቅ ፈልጎ ዲግሪውን በፓስፖርቱ ስፔሊንግ ያሳትምና ተገላገልኩ ይላል። መዝገቡ ግን አልተነካም። ጥያቄው ሲመጣ ሬጅስትራሩ ፋይሉን ከፍቶ HIYWET የሚል ያገኛል፤ «በዚህ ስም የተመረቀ ተማሪ የለንም» ብሎም ይመልሳል። በስፔሊንግ ልዩነት የጀመረ ጉዳይ በሐሰተኛ ሰነድ ጥርጣሬ ይደመደማል። ስካን የተደረገውን ወረቀት በኮምፒውተር «ማስተካከል» ደግሞ ጭራሽ የማይሞከር ነገር ነው። የሚታረመው መጀመሪያ መዝገቡ ነው፤ ወረቀቱ ከዚያ ይከተላል።

ከመሮጥ በፊት አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ሰነዶቹን ሁሉ መዘርዘር ያስፈልጋል። ስሙን በሚያውቁት መንገድ ሳይሆን ወረቀቱ ላይ እንደታተመው፣ ክፍት ቦታውንና እዝባሩን ሳይቀር ይገልብጡ። ለፓስፖርቱ ፎቶው ያለበትን ገጽ ታችኛውን ክፍል ይመልከቱ። ሁለት መስመር አለ፤ የመጀመሪያው የሕይወት ቢሆን እንዲህ ይነበባል፦

```
P<ETHWOLDEMARIAM<<HIWOT<TILAHUN<<<<<<<<<<<<<
```

ከድርብ ምልክቱ (<<) በፊት ያለው ማሽኑ የቤተሰብ ስም ብሎ የሚወስደው ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የራስና የአባት ስም ነው። የእኛ ስም አወጣጥ የቤተሰብ ስም ስለማያውቅ ብዙዎች ኦንላይን ፎርም ላይ በቤተሰብ ስም ሳጥን የአባታቸውን ስም ይሞላሉ፤ በሰነዱ ልዩነት ላይም ሌላ ልዩነት ይጨምራሉ። ከዚህ መስመር መገልበጥ ይህን ያስቀራል። የፈቃድ ፈተናውን በፕሮሜትሪክ የሚፈተኑ ከሆነም ቀጠሮ ሲይዙ የሚሞሉት ስም መግቢያ ላይ ከሚያሳዩት ፓስፖርት ጋር መግጠም አለበት።

ዝርዝሩ ካለቀ በኋላ የትኛው ይታረም የሚለው ይመጣል። በልምድ መልሕቁ ፓስፖርቱ ነው፤ ሌላው ወደ እሱ ይጠጋል። የልደት ምስክር ወረቀት፣ ፋይዳና ሁሉም የትምህርት ማስረጃ አንድ ሆነው ፓስፖርቱ ብቻ ካፈነገጠ ግን ሌሎቹን ሁሉ ማሳደድ ከንቱ ድካም ነው፤ ኢሚግሬሽን ሄዶ ፓስፖርቱን ማሳረም ይቀላል። ያም የሚደረገው ማንኛውም ማመልከቻ ከመከፈቱ በፊት ነው፤ በድሮው ፓስፖርት ቁጥር የተከፈተ ፋይል ሌላ ጣጣ ያመጣል።

የሕይወት ልዩነቶች ሦስት ዓይነት ናቸው፤ መፍትሔያቸውም አንድ አይደለም። የሥራ ልምድ ደብዳቤውንና የሙያ ፈቃዱን የሚጽፉት አካላት ዛሬም አሉ፤ ፓስፖርቷን አሳይታ WOLDE እና W/MARIAM ወደ ሙሉው WOLDEMARIAM እንዲታረሙ፣ የሚቀመጠው ቅጂም አብሮ እንዲታረም ትጠይቃለች። ዲግሪው ሌላ ነው። የታተመ ዲግሪ እንደገና ለማውጣት ብዙ ትምህርት ቤት ፈቃደኛ አይደለም። ከሬጅስትራሩ የምትፈልገው ደብዳቤ ነው፤ «HIYWET TILAHUN በሚል ስም የተመረቀችው HIWOT TILAHUN WOLDEMARIAM ናት» የሚል፣ ሁለቱንም ስፔሊንግ ሳይቆርጥ የሚጽፍ፣ የተማሪ መለያ ቁጥሯን፣ የተመረቀችበትን ቀንና የፓስፖርት ቁጥሯን የሚጠቅስ። የደብዳቤ ቁጥር፣ ማኅተም፣ የፈራሚው ስምና ኃላፊነት ካልተሟላ የሚያጣራው ሰው መልሶ የሚጠይቀው አያገኝም። የደብዳቤው ግልባጭ በተማሪዋ ፋይል ውስጥ እንዲታሰር ማሳሰብ አይዘንጋ፤ ከስድስት ወር በኋላ ጥያቄው ሲመጣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሌላ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል።

ውልና ማስረጃ ሄዶ «ሁለቱም ስሞች የእኔ ናቸው» የሚል ቃለ መሐላ መስጠትም የተለመደ ነው። ጥሩ ደጋፊ ነው፤ ብቻውን ሲቆም ግን አንድ ሰው ስለ ራሱ የተናገረው ቃል ብቻ ነው። ከሬጅስትራሩ ደብዳቤ ጋር አብሮ ሲገባ ይጠቅማል። ስሙ ራሱ የተለወጠ ከሆነ፣ ለምሳሌ ትምህርት ቤት በአንድ ስም ተምሮ ፓስፖርት በሌላ ስም ያወጣ ሰው፣ ይህ የስፔሊንግ ጉዳይ አይደለም፤ የፍርድ ቤት ውሳኔ ይፈልጋል።

ስም ስናነጻጽር የልደት ቀንም ይታይ። የትምህርት ማስረጃው ሐምሌ 10 ቀን 1987 ሲል ፓስፖርቱ ጁላይ 17 ቀን 1995 ቢል ልክ ነው፤ ያው ቀን ነው። ችግር የሚሆነው በእኛ አቆጣጠር መሆኑን ሳይገልጽ «1987» ብሎ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ወረቀት ነው፤ ባለቤቱን ስምንት ዓመት ያስረጀዋል።

ደብዳቤው ሲሰጥዎት ከመስኮቱ ሳይርቁ ያንብቡት። በጣት እየነኩ፣ ፊደል በፊደል፣ ፓስፖርቱን ጎን አስቀምጠው። ስፔሊንግ ሊያርም የወጣ ደብዳቤ ራሱ WOLDEMARYAM ይዞ ሲመጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ያን ጊዜ ፋይሉ ውስጥ አምስተኛ ስም ገባ ማለት ነው።